አንዱ ቅጂ ላይ ያለ፣ ሌላው ላይ የሌለ ሰው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የታሪክ ተማሪ ነኝ። ስታሊን በሞስኮ ቦይ ዳር የተነሳውን ፎቶ ሁለት ቅጂ አገኘሁ። አንዱ ላይ አራት ሰዎች አሉ፣ ሌላው ላይ ሦስት። አንዱ ሰው ተፍቆ ነው ወይስ ሌላ ፎቶ ነው? የትኛው ይቀድማል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠፋውን ሰው ተዪውና የቀሩትን ሦስቱን ተመልከቺ። ሰው ቆሞም ቢሆን አይረጋም። በሁለት የተለያዩ ፎቶዎች የልብስ እጥፋት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። ካሜራው አንድ እርምጃ ቢንቀሳቀስ ደግሞ የሰዎቹ ራስ ከኋላቸው ካለው ነገር ጋር ያለው ቦታ ይዛነፋል። የስታሊንና አብረውት የቆሙት የሶቪየት ባለሥልጣናት የቮሮሺሎቭና የሞሎቶቭ እጥፋትም ቦታም ካልተለወጠ፣ ሁለቱ ቅጂዎች የወጡት ከአንድ ኔጋቲቭ ነው።

ይህን በዓይን ብቻ አትተዪው። ሁለቱን ስካን GIMP በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም እንደ ሁለት ሌየር ክፈቺ። የላይኛውን Opacity 50 አድርጊና አንድ ነጥብ ከቮሮሺሎቭ ፊት፣ አንድ ደግሞ ከስታሊን ልብስ መርጠሽ አጋጥሚያቸው። መጠናቸው ከተለያየ አንዱን አሳንሺ። ከዚያ Opacity ወደ 100 መልሺና Mode የሚለውን Difference አድርጊ። አንድ የሆነው ሁሉ ይጨልማል፣ የተለየው ይበራል። አንዱ ቅጂ ብዥ ያለ ከሆነ በየጠርዙ ቀጭን ግራጫ መስመር ይታያል፤ እሱ አያስደንግጥሽ። የምትፈልጊው የሰው ቅርጽ ያለው ብርሃን ነው።

እዚህ ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከስታሊን ቀጥሎ በቀኝ በኩል ይወጣል። የስታሊን የምስጢር ፖሊስ አለቃ የነበረው የዬዦቭ ቦታ ነው። ጫፍ ላይ ስለቆመ ፎቶው ከዳር ተቆርጦ ሊሆን ይችላል ብለሽ ጠይቂ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሦስት ሰው ያለበት ቅጂ እዚያ ጋ አያልቅም። ዬዦቭ የነበረበት ቦታ ላይ የቦዩ ውኃ ይቀጥላል። ስለዚህ አልተቆረጠም፣ ተሞልቷል።

አሁን የሞላውን ቦታ አጉይተሽ እዪ። ቢያንስ በ 600 ዲፒአይ ስካን ይሁን። በብሩሽ የተሠራ ውኃ ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ ካለው ውኃ ይልቅ ልሙጥ ነው፤ የፊልሙ ቅንጣትም እዚያ ላይ ይቋረጣል። ከሁሉ በላይ የስታሊንን ጠርዝ መርምሪ። አጠገቡ ያለውን ሰው የሚያነሳ ሠራተኛ የቀረውን ሰው ጠርዝ ራሱ መሳል አለበት፣ መስመሩም ከሌላው ጎን ይልቅ ስል ወይም ደነዝ ይሆናል። ቅጂዎችሽ ከመጽሐፍ የተወሰዱ ከሆኑ ግን ቅንጣቱን እርሺው። የምታዪው የማተሚያ ነጠብጣብ ነው፤ ቅርጽ ብቻ አወዳድሪ።

ዋናው ወረቀት እጅሽ ከገባ መብራት ከጎን አብሪበት፤ ቀለም ካለበት አብረቅራቂነቱ ይለያል። ልሙጥ ሆኖ ቢታይሽ ግን ንጹሕ ነው አትበዪ። ሪታች የተደረገ ፎቶ እንደገና በካሜራ ተነስቶ አዲስ ኔጋቲቭ ይወጣለታል፤ ከዚያ የታጠበው ወረቀት ምንም ቀለም አይኖረውም።

የትኛው ይቀድማል ላልሽው፣ ከአንድ ኔጋቲቭ እስከወጡ ድረስ አራት ሰዎች ያሉበት ነው። ፊትና የልብስ እጥፋት ከባዶ ውኃ ላይ እንዲህ በሚያሳምን ሁኔታ መሳል ከባድ ነው፤ ሰው ሸፍኖ ውኃ መሳል ግን ቀላል ነው። ታሪኩም ይደግፈዋል። ፎቶው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ዬዦቭ በ1939 ታሰረ፣ በ1940 ተገደለ።

ማን እንዳጠፋውና በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን ማወዳደር ብቻውን አይነግርሽም። ለዚያ ቀን ያለባቸው የታተሙ ቅጂዎች ያስፈልጉሻል፤ ዬዦቭ የሌለበትን ከሁሉ ቀደም ያለውን እትም ፈልጊ። እሱ ሲገኝም የእትሙን ቀን ይዘሽ ጽሑፍሽ ላይ «ከዚህ ቀን በፊት ተለውጧል» ብቻ ብለሽ ጻፊ።