ዘጠኝም አስራ ስድስትም የተሰጠው ድርሰት

«ሰላም፣ አንዱን የአማርኛ ድርሰት ሦስታችን አርመን ከ20 አንዱ 9፣ አንዱ 13፣ አንዷ 16 ሰጠን። አማካዩን ወስደን ብንዘጋው ችግር አለው?»

አማካይ ለመውሰድ ገና ነው። መጀመሪያ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ እዩ፤ ይህን ደግሞ ከአንድ ወረቀት ማወቅ አይቻልም።

አራት ኪሎ አካባቢ ሳስተምር እኛም ሦስት ሆነን የ12ኛ ክፍል ድርሰት እናርም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ውጤታችን ቢበዛ በአንድ ነጥብ ነበር የሚለያየው፤ ደስም ብሎን ነበር። ለካ ሁለተኛው አራሚ ቀድሞ በቀይ የተጻፈውን ቁጥር እያየ ነው የሚያርመው! ወረቀቱ ላይ ምንም ሳይጻፍበት ፎቶ ኮፒ አድርገን፣ ስም ሸፍነን፣ ነጥቡን በየግል ወረቀታችን ስንይዝ ጉዱ ወጣ።

ስምንት ድርሰት ነበር የሞከርነው። እኔ 9፣ 14፣ 7 የሰጠኋቸውን አንደኛው ባልደረባዬ 12፣ 17፣ 10 ሰጥቷል፤ የቀሩትም እንደዚያው፣ ሁሌ በሦስት ይበልጠኛል። የሁለታችን ነጥብ አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱን የሚለካውን ኮሪሌሽን ብታሰሉ ድፍን 1 ይመጣል፣ ግን በአንድም ወረቀት አልተስማማንም። (ኮሪሌሽን ብቻ አይቶ «ተስማምተናል» የሚል ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።) እሱ ለጋስ ነው፣ እኔ ቆጣቢ፤ የተሻለውንና የደከመውን ድርሰት ግን እኩል ለይተናል። ይሄ ቀላል ነው፤ በጋራ ነጥብ የተሰጣቸው ናሙና ድርሰቶች ፊት ለፊታችን አስቀምጠን ስናርም ልዩነቱ ጠበበ።

የከበደን የሦስተኛዋ ነው። እኔ 14 ያልኩትን 9፣ 7 ያልኩትን 13 ብላዋለች። ቅደም ተከተሉ ራሱ ተገለበጠ። ቁጭ ብለን ስናነበው 14 ያልኩት ልጅ «አሳማኝ ድርሰት ጻፉ» ተብሎ የመርካቶን ዝናብ በሚያምር ትረካ ነው የጻፈው። እኔ በቋንቋው ተማርኬ ይዘቱንም አብሬ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ እሷ ከጥያቄው ወጥቷል ብላ ቆርጣለች። ልክ እሷ ነበረች። 7 ያልኩት ደግሞ ክርክሩ ጥሩ ሆኖ ፊደል ግድፈቱ አናዶኝ ነው፤ ግድፈቱን በሰዋስውም በይዘትም ሁለቴ ቀጥቼዋለሁ። መስፈርታችን «ይዘት፦ 8 ነጥብ» ብቻ ስለሚል ሁላችንም እንደገባን ነበር የምናነበው። ሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርን፦ ከተጠየቀው የድርሰት ዓይነት የወጣ በይዘት ከ3 አይበልጥም፤ ፊደል የሚታየው በሰዋስው ብቻ ነው። ከዚያ በአዲስ አምስት ወረቀት ሞክረን ልዩነታችን ከ2 አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ በሁለት አራሚዎች መሃል እስከ 2 ነጥብ ልዩነት ካለ አማካይ እንወስዳለን። ከዚያ ካለፈ የፊቶቹን ነጥብ ያላየ ሦስተኛ ሰው ያርመዋል፣ የሚቀራረቡት የሁለቱ አማካይ ይያዛል። ደግሞ ሲደክመን እጃችን ስለሚቀየር፣ ከየ20 ወረቀቱ መሃል ቀድሞ ነጥብ የተስማማንበትን አንድ ኮፒ አራሚው ሳያውቅ እንከታለን።

የእናንተ ግን 9፣ 13፣ 16 ነው፤ የሚቀራረቡት ሁለቱ እንኳ በ3 ይራራቃሉ። ለዚህ ወረቀት ሦስታችሁም መስፈርቱን ይዛችሁ ነጥብ በነጥብ፣ ይዘቱን ለብቻ ሰዋስውን ለብቻ ተነጋገሩበት። ሌሎቹን ወረቀቶች ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ ስምንት አስር ያህሉን እንደኛ ሸፍናችሁ እረሙ።