እራትህን አትተወው፣ ሰዓቱንና ልኩን ቀይረው

«ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ቤት የምገባው ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ነው። እራቴን በልቼ 4 ሰዓት ላይ እተኛለሁ፣ ግን እንቅልፍ ቶሎ አይወስደኝም። ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ደግሞ እባንናለሁ። እራት ብተወው ይሻለኝ ይሆን?»

ወንድሜ፣ እራትህን አትተወው። እኔም በዚሁ ስሰቃይ ስለነበር አውቀዋለሁ። የምሠራው ሱቅ ውስጥ ነው። ስንዘጋ መሽቷል፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ቤት ስደርስ ከምሳ ወዲህ ምንም አልቀመስኩም። እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው፣ ሰው ጦሙን ሲያድር አትወድም። አንድ ሙሉ እንጀራ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ የተንሳፈፈ ቀይ ወጥ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ «ይቺን ብቻ» ብላ ጉርሻ። ብዙም ሳይቆይ ጋደም ማለት ነው። ስገላበጥ ቆይቼ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ሌሊት አፌ መሮኝ ጉሮሮዬን እየከነከነኝ እነቃለሁ።

እንቅልፍ ባጣ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ አውጥቼ ወረፋ ጠብቄ ስገባ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ጭንቀት ነው» አለና የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። እራት ስንት ሰዓት ትበያለሽ፣ ስትነቂ አፍሽን ይመርሻል ወይ፣ ያስልሻል ወይ፣ አንዱንም አልጠየቀኝም። እስካሁን ያናድደኛል። ኪኒኑ ቀኑን ሙሉ ድንዝዝ አድርጎ ያውለኛል፣ መባነኑ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ነገሩ የገባት የሰፈራችን ፋርማሲ የምትሠራ ሴት ናት። ኪኒኑን ልደግም ስሄድ «እራትሽን በልተሽ ስንት ሰዓት ቆይተሽ ነው የምትተኚው?» አለችኝ። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ጨጓራና የምግብ ቧንቧ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እንደ መዝጊያ የሚያገለግል ጡንቻ አለ። ጨጓራ ከልኩ በላይ ሲወጠር ይህ ጡንቻ ቶሎ ቶሎ ይላላል። ቁጭ ወይም ቆም ካልክ ምግቡና አሲዱ በክብደቱ ታች ይቀመጣል። ከተኛህ ግን እንደተጋደመ ጠርሙስ ነው፣ ወደ አፉ ይመጣል። ቀን ላይ ቢሆን ምራቅ ስንውጥ አሲዱን አጥቦ ይመልሰዋል። እንቅልፍ ላይ ምራቅም መዋጥም በጣም ስለሚቀንስ አሲዱ እዚያው ቆይቶ ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ያባንናል። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ያንን መንቃት ያዳክመዋል፣ ስለዚህ አሲዱ ጭራሽ ይቆያል። ለዚህ ነው ያንን ማዘዣ ሳስበው የሚከፋኝ።

እሺ፣ አሁን ወዳንተ።

1. ዋናውን ምግብ ወደ መክሰስ ሰዓት አምጣው። ከባድ ምግብ በልቶ ለመተኛት ቢያንስ 3 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ ከዚያም በላይ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። አንተ 2 ሰዓት ተኩል ገብተህ 4 ሰዓት የምትተኛ ከሆነ ይህ ጊዜ የለህም። ሥራ ቦታ 11 ሰዓት ላይ የምትበላው ነገር ያዝ። እኔ ምሳ ዕቃዬን ሁለት አደረግኩት። አንዱ የምሳ፣ ሌላው ግማሽ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ላይ አጉረመረመብኝ፣ «ደግሞ ምግብ?» እያለ፤ እኔም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ በአሥር ደቂቃ እጨርሳለሁ፣ አሁን እሱም ለመደው። ይህን ከበላህ ቤት ስትገባ ያን ያህል አትራብም፣ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። በባዶ ሆድ የገባ ሰው «ትንሽ ብላ» ቢሉት አይሰማም።

2. እንደገባህ ብላ። ልብስ መቀየር፣ ልጆች ማስጠናት፣ ዜና ማየት፣ ሁሉም ከእራት በኋላ ይሁን። እኛ ቤት ተቃራኒው ነበር፣ እራት የሚቀርበው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ አልጋ። እናቴን ለማሳመን ቀላል አልነበረም። «ሰው ቤቱ ገብቶ ሳያርፍ ይበላል?» አለች። ሌሊት እየሳልኩ ስትሰማኝ ግን ራሷ ቶሎ ማቅረብ ጀመረች። አሁን የምበላው ከእንጀራው ሩብ ያህል ነው፣ ዘይት ያልበዛበት አልጫ ወይም ጎመን፣ ሌላ ቀን ቅንጬ ወይም የአትክልት ሾርባ። ቀይ ወጥ ካማረኝ ለምሳ አደርገዋለሁ። ወጡን ሰው ይናቀዋል እንጂ በርበሬውንና ቅባቱን መቀነስ እንጀራውን ከመቀነስ አያንስም። ከእራት በኋላ የሚፈላውን ቡና አብሬ ተውኩት፣ አቦሉን እንኳን አልቀምስም፣ ምክንያቱም ካፌይኑ ለብዙ ሰዓት ሰውነት ውስጥ ይቆያል።

እዚህ «እራት ዝለል፣ ችግሩ ያልቃል» የሚሉህ አሉ። ባለቤቴ ሞክሮታል። እንቅልፍ ቶሎ ይወስደው ነበር፣ ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን ግን ሆዱ እየጮኸ ይነሳል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቆሞ ይበላና ሆዱን ሞልቶ ተመልሶ ይተኛል። ያው እራት ማለት ነው፣ በባሰ ሰዓት። ደግሞ የስኳር ሕመም ኖሮብህ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስድ ከሆነ እራት መዝለል ሌሊት ስኳርህን ሊጥለው ይችላል። ላብ በላብ ሆነህ እየተንቀጠቀጥክ ልትነቃ ትችላለህ። ያንን ያለ ሐኪምህ አትሞክር።

የትኛው እንደሚቀሰቅስህ ለማወቅ ስትነቃ ልብ በል። አፍህን ከመረረህ ወይም ከኮመጠጠህ፣ ካሳለህ፣ ቁጭ ስትል ቀለል ካለህ፣ ጠዋት ድምፅህ ከጎረነነ፣ ምክንያቱ የበዛ እራት ነው። ወደ ንጋት ገደማ ሆድህ እየጮኸ ከነቃህና ትንሽ ስትቀምስ እንቅልፍ ከመለሰህ ያነሰ እራት ነው። የምትነቃው ለሽንት ብቻ ከሆነ ጨው የበዛበትን ምግብና በላዩ የምትጠጣውን ውሃ ተመልከት።

አምሽተህ መብላት ግድ የሆነብህ ቀን፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቤት ውለህ ሲሆን፣ ወይም የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰህ ዶሮው ሲቀርብ፣ በግራ ጎንህ ተኛ፣ በግራ ሲተኙ አሲዱ እንደ ቀኙ አይወጣም። ትራስ መደራረብ አይረዳም፣ ወገብህን አጥፎ ሆድህን ይጫነዋል። የሚሻለው አልጋውን ራሱን ከራስጌ በኩል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። የኛን አልጋ የሰፈር አናጢ ነው የሠራልን፤ ሁለት ጠርብ ቆርጦ መሃላቸውን ጎድጎድ አደረጋቸው፣ የአልጋው እግር እዚያ ውስጥ ስለሚገባ አይንሸራተትም። ለዚህ የከፈልኩት ለክሊኒኩ ካርድ ካወጣሁት ያነሰ ነው።

በጾም ወቅትም እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ዋናው ምግብህ የ9 ሰዓቱ ይሁን። ብዙ ሰው 9 ሰዓት ላይ ይቀምስና የማታውን ያበዛዋል፣ ከዚያ በጾም እንቅልፍ አጣሁ ይላል።

ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ አድርገህ ለውጥ ካላየህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ የምትበላበትን ሰዓት ጽፈህ ያዝ፣ ባይጠይቁህም ንገራቸው። ምግብ ሲውጡ የሚያንቅ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ ካለ ግን ሳምንት አትጠብቅ። ደረትህን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመምም ቢሆን ጨጓራ ነው ብለህ አትተኛበት፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።