«ሕንፃው አተረፈ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የአንድ አክሲዮን ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሕንፃችን ዋጋ እንደገና ተገምቶ ከፍ ስላለ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ «ማኅበሩ ከሕንፃው ግምት 6 ሚሊዮን ብር አተረፈ» ብዬ ጻፍሁ። ኦዲተሩ «አተረፈ» የሚለውን ሰረዙብኝ። ልክ ናቸው? ለሚመጣው ዓመትስ «የሕንፃው ዋጋ ቀነሰ» ልበል?

መልስ፦ ኦዲተሩ ልክ ናቸው። በንግድ ቋንቋ «አተረፈ» የምንለው ግብይት ሲኖር ነው። ነጋዴ በ100 ብር የገዛውን በ120 ብር ሲሸጥ አተረፈ ይባላል። እናንተ ግን ሕንፃውን አልሸጣችሁም፤ ከማንም እጅ ገንዘብ አልገባላችሁም። የተለወጠው በመዝገብ ላይ ያለው ግምት ብቻ ነው።

«የዳግም ግምት ትርፍ» የሚሉ ጸሐፊዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ትርፍ ጊዜ»፣ «ትርፍ ወንበር» ስለምንል ቃሉ በዚህ ስሜት ያስኬዳል። በሒሳብ ሪፖርት ውስጥ ግን ትርፍ የሚል ቃል ያየ ባለአክሲዮን የትርፍ ድርሻውን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው «የዳግም ግምት ብልጫ» የሚለውን ነው። ብልጫ ማወዳደሪያ ስለሚፈልግ ጸሐፊውን «ከምን የበለጠ?» ብሎ ያስጠይቀዋል፤ ትልቁም ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ሕንፃችሁ፣ መሬቱን ሳይጨምር፣ በ12 ሚሊዮን ብር ተሠርቶ 40 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ነበር እንበል። በየዓመቱ 300 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ሲያዝበት 10 ዓመት ሞልቶታል። የተጠራቀመው ቅናሽ 3 ሚሊዮን፣ የመዝገብ ዋጋው 9 ሚሊዮን ብር ሆኗል። ገማቹ አሁን 15 ሚሊዮን ብር ያወጣል አለ። ብዙ ሰው 15ን ከ12 ጋር አስተያይቶ «በ3 ሚሊዮን ጨመረ» ብሎ ይጽፋል። ብልጫው ግን ከተሠራበት ዋጋ ሳይሆን ከመዝገብ ዋጋው ስለሚለካ 6 ሚሊዮን ነው። «ከመዝገብ ዋጋው» የሚለውን ሐረግ ከዐረፍተ ነገሩ አታውጡት፤ እሱ ከሌለ አንባቢው ሁለቱን ቁጥሮች የሚያስታርቅበት መንገድ አያገኝም።

ይህ 6 ሚሊዮን ብር የግብሩን ጉዳይ ለጊዜው ብንተወው፣ በትርፍና ኪሳራው ውስጥ አያልፍም። በሌላ አጠቃላይ ገቢ ሥር ታይቶ በባለቤቶች ሀብት ውስጥ ራሱን ችሎ ይቀመጣል። ስለዚህ «በዳግም ግምቱ የሕንፃው ዋጋ ከመዝገብ ዋጋው በ6 ሚሊዮን ብር በልጧል፤ ብልጫው በባለቤቶች ሀብት ውስጥ ተመዝግቧል» ብለው ይጻፉ። «አተረፈ» እንዲያውም በግልጽ ያሳስታል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው የዚያ ተቃራኒ ነውና።

የቀረው ዕድሜ 30 ዓመት ከሆነና መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ዋጋ ከሌለው፣ 15 ሚሊዮኑ ለ30 ሲካፈል የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 500 ሺህ ብር ይሆናል። ቀድሞ ከነበረው 300 ሺህ ብር በ200 ሺህ ይበልጣል፤ የማኅበሩም የዓመት ትርፍ በዚያው ልክ ያንሳል። «6 ሚሊዮን አተረፍን» ተብሎ የተነገረው ባለአክሲዮን በዓመቱ ትርፉ ቀንሶ ሲያገኘው ግራ ቢገባው ጥፋቱ የዐረፍተ ነገሩ ነው።

«የሕንፃው ዋጋ ቀነሰ» የሚለውንም አይጠቀሙ። አማርኛ «ዋጋ ቀነሰ» ሲል ገበያው ወረደ ማለቱ ነው። የሕንፃው የገበያ ዋጋ እየናረም ቢሆን የእርጅና ቅናሽ ይያዛል፤ ወጪውን በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ማከፋፈል ነውና። ስለዚህ «500 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ተይዟል» ይበሉ። «ዋጋው ቀነሰ» የሚለውን ገማቹ በሌላ ጊዜ መጥቶ ዝቅ ያለ ግምት ለሰጠበት ዓመት ያቆዩት።

ልዩነቱን 200 ሺህ ብር በየዓመቱ ከብልጫው ላይ አንስቶ ወደ ያልተከፋፈለ ትርፍ ማዞር ይፈቀዳል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ይህም በትርፍና ኪሳራ በኩል ስለማያልፍ ግሱ «ተዛወረ» እንጂ «ገቢ ሆነ» አይደለም። ያን ካደረጋችሁ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ብልጫው 5.8 ሚሊዮን ብር ይቀራል።

«ትርፍ» የሚያስኬድበት አንድ አጋጣሚ አለ። ሕንፃው ቀደም ብሎ በግምት ዝቅ ተደርጎ ቅነሳው በትርፍና ኪሳራ ላይ በወጪነት ተይዞ ከነበረ፣ የአሁኑ ጭማሪ በቅድሚያ ያንን ወጪ እስኪመልስ ድረስ በዚያው መግለጫ ውስጥ ይገባል። ያኔ «ቀድሞ በወጪ የተያዘው ተመለሰ» ብለው ይጻፉና ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ብልጫ ይበሉት።