የእናቴ የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንት የይለፍ ቃል ጠፋ፤ በውክልና ላስተካክለው እችላለሁ?

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንቷን በ Login.gov በኩል ከፍቼላት ነበር፤ አሁን የይለፍ ቃሉን ሁለታችንም ረሳነው። አዲስ ስናወጣ «ማንነትዎን እንደገና ያረጋግጡ» አለን። ውክልናዋ በእጄ ነው። ይበቃል? ካልበቃስ ምን ሰነድ ይጠየቃል?

መልስ፦ ውክልናው አይበቃም። በስቴት ሕግ መሠረት የተሰጠ ውክልና ለባንክ፣ ለቤት ሽያጭና ለመሳሰሉት ጉዳዮች የሚሠራ ቢሆንም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የተጧሪውን ክፍያ ለማስተዳደር በቂ ሥልጣን አድርጎ አይቀበለውም፤ አቅም ላነሰው ሰው ገንዘቡን የሚቀበልለትን ሰው የሚሾመው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። የኢንተርኔት አካውንቱ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው፤ እናትዎ በጽሑፍ ቢፈቅዱልዎ እንኳ በእሳቸው ስም መግባት በአጠቃቀም ደንቡ የተከለከለ ነው። አጠገባቸው ተቀምጠው ማንበብና ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በእኔ አረዳድ ክልከላው ይህን አይነካም፣ ወሳኙ እሳቸው ራሳቸው ሰነዳቸውንና ስልካቸውን ይዘው መገኘታቸው ነው።

ማንነት እንደገና የተጠየቀበት ምክንያት ጥርጣሬ አይደለም። Login.gov ማንነቱ የተረጋገጠለትን ሰው የግል መረጃ በይለፍ ቃሉ ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ፣ የይለፍ ቃሉ ሲቀየር የተቆለፈው አብሮ አይከፈትም። የሚከፍተው ማንነት በተረጋገጠበት ቀን በማያ ገጹ ላይ Personal key ተብሎ የተሰጠው ባለ 16 ፊደልና ቁጥር ኮድ ነው። በዚያን ጊዜ በወረቀት ጽፈውት ወይም በስልክ ፎቶ አንስተውት እንደሆነ አስቀድመው ይፈልጉ፤ ከተገኘ ማንነትን እንደገና ማረጋገጥ ሳያስፈልግ ይገባሉ። ካልተገኘ ማረጋገጡ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ኮድ የሚላክበት ስልክም ጠፍቶ ከሆነና ሌላ መግቢያ መንገድ ካልተመዘገበ አካውንቱን ሰርዞ አዲስ መክፈት ግድ ይሆናል፤ ስረዛው የ24 ሰዓት መጠበቂያ አለው። የሚሰረዘው መግቢያው እንጂ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባቸው አይደለም፤ ወርኃዊ ክፍያቸውም በዚህ ምክንያት አይቋረጥም።

ለዳግም ማረጋገጫው በተለምዶ የሚጠየቁት ያላለፈበት የስቴት መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የስልክ ቁጥር ናቸው። ብዙ ወገኖቻችን ግሪን ካርድ ከሁሉም የሚበልጥ ሰነድ ስለሚመስላቸው እሱን ፎቶ አንስተው ይልካሉ፤ እዚህ ግን የስቴቱን መታወቂያ አይተካም። ስልኩም ቢሆን በእሳቸው ስም የተመዘገበ ቢሆን ይመረጣል፤ በእርስዎ የቤተሰብ ውል ውስጥ ያለ ቁጥር ከስማቸው ጋር ሳይገናኝ ቀርቶ ማረጋገጡ ሊከሽፍ ይችላል። የመታወቂያው ፎቶ ደጋግሞ ከተመለሰ ደግሞ ከ Login.gov የሚሰጠውን ባርኮድና መታወቂያውን ይዘው፣ ይህን አገልግሎት በሚሰጥ ፖስታ ቤት በአካል መቅረብ ይችላሉ።

በእኔ ቢሮ ከሁሉ የሚበዛው እንቅፋት ግን ስም ነው። የእናትዎ ስም ወለተማርያም ነው እንበል፤ በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ «ወለተ» የመጀመሪያ ስም፣ «ማርያም» የመካከለኛ ስም ተደርጎ ሲገባ፣ በስቴቱ መታወቂያ ላይ ደግሞ አንድ ቃል ሆኖ ቢጻፍ፣ ለእኛ አንድ ሰው የሆነው ለማሽኑ ሁለት ሰው ይሆናል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለወጥ የተዛባ የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መልሰው መላልሰው ከመሞከርዎ በፊት ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ በካርድ ላይ የማይታየውን የልደት ቀን ግን መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ልዩነት ካለ በ Form SS-5 ማመልከቻ በአቅራቢያዎ ባለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይስተካከላል። ቀጠሮ በስልክ 1-800-772-1213 ይጠየቃል፤ ካርዱም በነጻ ይታተማል። ሲሄዱ ዋናውን ግሪን ካርድ ወይም ዜጋ ከሆኑ ዋናውን የዜግነት ማስረጃ ይያዙ፤ መሥሪያ ቤቱ ዋናውን ወይም ሰነዱን የሰጠው አካል ያረጋገጠውን ቅጂ እንጂ ፎቶ ኮፒን፣ በኖተሪ የተረጋገጠም ቢሆን፣ አይቀበልም። ስህተቱ በግሪን ካርዱ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ የሚከተለው የኢሚግሬሽን ሰነዱን ነውና። የ Login.gov ማረጋገጫውን መልሰው የሚሞክሩት መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ ይሁን፤ እስከዚያው አስቸኳይ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የጥቅም ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ካስፈለገ እናትዎ ራሳቸው በዚሁ ስልክ ደውለው ወይም ቢሮ ሄደው ያለ አካውንት ሊጠይቁ ይችላሉ።