«ፒነት» የሚል ካላየሁ ይበቃል?

«ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት። መክሰስ ስገዛ ማሸጊያው ላይ ፒነት የሚል ካላየሁ ይበቃል? ወይስ በሌላ ስም ይደብቁታል?»

እህቴ፣ የኔ ልጅ አሁን 9 ዓመቱ ነው፣ የምንኖረው ሜሪላንድ። መጀመሪያ አካባቢ የፈራሁት የማይሆነውን ነበር። «ናቹራል ፍሌቨር» የሚል ካየሁ እቃውን መልሼ አስቀምጥ ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን ከ2006 ጀምሮ ኦቾሎኒ ከገባበት፣ በማጣፈጫው ውስጥም ቢሆን፣ ፒነት ተብሎ በስሙ መጻፍ አለበት። የሚጻፈው ግን ወይ በዝርዝሩ መሃል ነው ወይ ከሥር «ኮንቴይንስ» በሚለው መስመር። አንዳንዱ ያ መስመር ጭራሽ የለውም፣ ስለዚህ እሱን ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ፣ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

እኔን የሸወደኝ «ሜይ ኮንቴይን» የሚለው ነው። እሱን መጻፍ የፋብሪካው ፈቃድ ነው፣ ግዴታ የለበትም። ኦቾሎኒ በሚያልፍበት ማሽን ብስኩት ጋግሮ ዝም ማለት ይችላል ማለት ነው። ልጄ የለመደው አንድ ብስኩት ነበር፣ ትልቁ ካርቶን ላይ ምንም የለም። ለትምህርት ቤት ብዬ የዚያኑ ብስኩት ትንንሽ እሽግ ገዛሁና ማታ ቦርሳው ውስጥ ስከት ሳየው «ሜይ ኮንቴይን ፒነትስ» ይላል! ደውዬ ስጠይቅ ትንሹ የሚታሸገው ሌላ ፋብሪካ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ሲለወጥም፣ ያው እቃ ለሃያኛ ጊዜ ስገዛም አነባለሁ። አዲስ ነገር ከሆነ ደግሞ እደውላለሁ። የምጠይቀው «ሴፍ ነው ወይ» ብዬ አይደለም፣ እሱን ካልሽ ማሸጊያውን አንብቢ ይሉሻል። «በዚያው ማሽን ላይ ኦቾሎኒ ይሠራል ወይ? በመሃል እንዴት ነው የምታጥቡት?» ነው የምለው። መልሱ ከተድበሰበሰ አልገዛም።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄን አንዴ ያመመው በኛው ቆሎ ነው። ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁት፣ ላዩ ላይ ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ ብቻ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። ሁለት ጭብጥ ያህል እንደበላ ከንፈሩ አበጠ፣ አንገቱ ሽፍ አለ፣ ከዚያ ማሳል ጀመረ። ኤፒፔን የሚባለውን የአለርጂ መርፌ ወግቼው 911 ደወልኩ፣ ደህና ሆነ ተመስገን። በኋላ ሴትዮዋን ስጠይቃት «ለውዝ የለበትም እኮ፣ ለውዙን የምቆላው ለብቻው ነው» አለችኝ። ለብቻው ያለችው በዚያው ምጣድ ነው። አልዋሸችም፣ አላሰበችውም እንጂ። አሁን ቆሎ እቤት እቆላለሁ።

ስም ካልሽ ደግሞ ከፒነት ሌላ የማየው «ሉፒን» የሚለውን ነው። የኛው ግብጦ ነው፣ ግሉተን የሌለበት ብስኩትና ፓስታ ውስጥ በዱቄት መልክ ይገባል። የኦቾሎኒ ዘመድ ስለሆነ አንዳንድ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ላይ እሱም አለርጂ ያስነሳል። እዚህ ደግሞ ከነኦቾሎኒ ጋር አልተመደበም፣ «ኮንቴይንስ» የሚለው መስመር ላይ አትጠብቂው። የኔ ልጅ ተመርምሮ ግብጦ አይነካውም ተብሏል፣ የአንቺ ሳትመረመር ግን አታስቀምሺያት።