ሁለት ከቨር ማወዳደር፦ እኔ የከሰርኩበት

«ለአንድ የኢንስታግራም ካሩሰል ሁለት ከቨር ሠርቻለሁ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ለጥፌ ብዙ ላይክ ያገኘውን ልያዝ? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ ዛሬና ነገ የሚለውን ተይው። እኔ በዚሁ መንገድ ነው ወራት ሙሉ የተሳሳተ ነገር አምኜ የኖርኩት። የሐበሻ ቀሚስ አሠራለሁ። አንቺም ልብስ ላይ ያለሽ መሰለኝ፣ ባትሆኚም ነገሩ ያው ነው።

1. የተለያየ ቀን ላይ ተለጥፎ ያሸነፈ ከቨር አላሸነፈም። የእኔ አንደኛው ከቨር «ቀሚስ ከማዘዝሽ በፊት የምትጠይቂያቸው 5 ነገሮች» ይላል፣ ጽሑፍ ብቻ። ሁለተኛው ፎቶ ነው። የቀይ ጥለት ቀለም ለቆ ነጩን ሸማ ሮዝ አድርጎታል፣ ከላዩ «አንዴ ብቻ ነው የታጠበው» ተጽፎበታል። ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፣ እሱን እንኳ በትክክል ሠርቻለሁ። ጽሑፉን ነሐሴ መግቢያ ላይ ለጠፍኩት። ፎቶውን ጳጉሜን 2።

ፎቶው እጥፍ ሴቭ አገኘ። እኔም «በቃ፣ ሰው የሚፈልገው ጉድ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ የለቀቀ፣ የተቀደደ፣ የጠበበ ቀሚስ ብቻ ስለጥፍ ከርሜ ገጼ የልብስ ሆስፒታል መሰለ። ኅዳር ላይ ያንኑ ዓይነት ከቨር ሳወጣ ዞር ብሎ ያየው የለም። ለካ ጳጉሜን ላይ ያሸነፈው እንቁጣጣሽ ነበር። በዚያ ሳምንት ቀሚስ የማይፈልግ ማን አለ? ባዶ ስላይድ ብለጥፍም ሴቭ ይደረግ ነበር።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ውስጡ አንድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንሸራተቱት ተከታዮችሽ ሁለተኛውን ሲያዩ «ይሄን አይቼዋለሁ» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ኋላ የተለጠፈው ገና ከመነሻው ተጎድቶ ነው የሚገባው።

2. በትክክል ማወዳደር የሚቻለው በማስታወቂያ ነው። ቡስት ተጭኖ አይደለም፣ አድስ ማናጀር ውስጥ A/B test የሚባለው አለ። እሱ ሰዉን በዕጣ ለሁለት ይከፍለዋል፣ አንደኛውን ከቨር ያየ ሰው ሁለተኛውን አያይም። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ፣ በዓል ቢመጣም ለሁለቱም እኩል ይመጣል። ሁለት ማስታወቂያ አንድ አድ ሴት ውስጥ ከቶ መተው ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። እዚያ ሲስተሙ ገና በጠዋቱ አንዱን ይወድና ብሩን ለሱ ያፈሰዋል፣ ሌላው ሳይታይ ይቀራል።

አሁን የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ። የዶላር ካርድ ስለሌለኝ (ባንኩ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ አዙረውኝ፣ የመጨረሻዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ንግድ ፈቃድሽ ኢምፖርት ነው?» ብላ መለሰችኝ፣ እሱን ሌላ ቀን) ማስታወቂያ በብር ለሚያሠራ ልጅ 30 ዶላር የሚሆን ከፈልኩ። ለ7 ቀን፣ ለሁለቱ ከቨር እኩል። በአራተኛው ቀን አንዲት ደንበኛዬ ስክሪንሾት ላከችልኝ። «ይሄ የእናንተ ነው?» ትላለች። አየሁት። መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ከቨሬ አይደለም! አራተኛው ስላይድ ነው፣ ሜትር በወገብ ላይ የተጠመጠመበት የልኬት ፎቶ።

ለካ ካሩሰል ማስታወቂያ ላይ Automatically show the best performing cards first የሚል ምርጫ አለ። እሱ ከበራ ሲስተሙ ስላይዶቹን እንደፈለገ ያገላብጣቸዋል። ዕቃ ለመሸጥ ይጠቅም ይሆናል። ከቨር ለሚያወዳድር ግን ሙከራውን ገደል መክተት ነው፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው ከቨርሽን ከነጭራሹ አላየውም። ልጁን ስጠይቀው «እሱ ሲስተሙ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። ብሬ አልተመለሰም። አንቺ በራስሽም አሠሪ በሌላ ሰው፣ ከመክፈልሽ በፊት ያ ምርጫ መጥፋቱን በዓይንሽ እይ። ፕሪቪው አይበቃም፣ ሴቲንጉን ስክሪንሾት አስልኪ።

3 ብዬ ስለ ቁጥሩ ልጽፍ ነበር፣ ግን እሱም ታሪክ አለው። በዚያ በተበላሸው ሙከራ ልጁ «14 ለ 9፣ ፎቶው አሸንፏል» ብሎ ሪፖርት ላከልኝ። እኔም ልቀበለው ምንም አልቀረኝም። የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ የሆነው ወንድሜ ነው ያስቆመኝ። ዘዴው ይሄ ነው፤ ሁለቱም ከቨር ለተቀራረበ ቁጥር ሰው ከታዩ፣ ሁለቱን ሴቭ ደምሪ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት አውጪ፣ በ2 አባዢው። ልዩነቱ ከዚያ ካልበለጠ እንዲሁ አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል አትመኚው። 14 እና 9 ድምሩ 23 ነው፣ ሩቱ 4.8 አካባቢ፣ እጥፉ 9.6። ልዩነቱ ግን 5 ብቻ። ስለዚህ ማንም አላሸነፈም።

ሁለተኛ ጊዜ ራሴ ቁጭ ብዬ፣ ምርጫውን አጥፍቼ፣ በዘመድ ካርድ አስኬድኩት። እያንዳንዱ ወደ 4,000 ሰው ደረሰ። ፎቶው 62 ሴቭ፣ ጽሑፉ 31። ድምሩ 93፣ የሩቱ እጥፍ 19 ከምናምን፣ ልዩነቱ 31። ይሄ እውነተኛ ልዩነት ነው። ፎቶውን በመጀመሪያም መርጬው ነበር፣ አዎ፣ ግን ያኔ በዕድል ነው።

ደስ አለኝና ሜሴጁን ቆጠርኩ። ፎቶው 11፣ ጽሑፉ 9። ማለትም ሴቭ ያደረገው ሁሉ ሊያዝዝ አልመጣም። ይባስ ብሎ ከ11ዱ ሦስቱ «ይሄ የለቀቀው የእናንተ ቀሚስ ነው እንዴ?» የሚሉ ናቸው። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት በምን እንደምትዳኚ ወስኚ። ላይክን እርሺው፣ ላይክ ሳያንሸራትትም ይደረጋል። ትዕዛዝ ከፈለግሽ ሜሴጅ ነው የሚቆጠረው፣ ሜሴጅ ግን በቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብዙ ብር ይጠይቃል።

ብር ከሌለሽ ደግሞ አንድን ፖስት ሁለቴ አትለጥፊ። የከቨር ዓይነት አወዳድሪ። በየሳምንቱ ሁለት አዲስ ፖስት፣ አንዱ በጽሑፍ ከቨር፣ አንዱ በፎቶ። በዚህ ሳምንት ጽሑፉ ማክሰኞ ከሆነ በሚቀጥለው ማክሰኞ ፎቶው ይሁን፣ ሰዓቱን አትቀይሪ። የሴቩን ቁጥር ለደረሰው ሰው ቁጥር አካፍይ፣ በየሳምንቱ የበለጠውን አሸናፊ ብለሽ መዝግቢ። ስድስት ሳምንት ከሄድሽ በኋላ አንዱ 6 ለ 0 ከመራ ያዢው። 5 ለ 1 ግን አይበቃም። ሳንቲም ስድስቴ ብትወረውሪ አምስቴና ከዚያ በላይ ዘውድ የሚመጣው ከዘጠኝ አንዴ ያህል ነው፣ ብርቅ አይደለም። የበዓል ሳምንት ከገባበት ያንን ሳምንት ሰርዢው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ኢንስታግራም ሳያንሸራትት ላለፈ ሰው ሌላ ጊዜ ሁለተኛውን ስላይድ አስቀድሞ ሊያሳየው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ስላይድሽም ብቻውን የሚነበብ ይሁን፣ «ቁጥር 1» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግራ ያጋባል።

እኔ አሁን ፎቶውን ይዤ ከላዩ ያለውን ጽሑፍ «ከሌላ ቦታ ያሠራችው ደንበኛችን ያመጣችው» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ከድሮው ጋር የማወዳድረው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ካርዱን ዘመዴ ካዋሰኝ።