ስኬቹ ሌላ፣ ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ ሌላ

«የፋሽን ዲዛይን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። እጄ ጥሩ ይስላል። አሁን ግን ለሥራ ባመለከትኩበት ሁሉ ስኬቹን ሞዴል ለብሳው የሚያሳይ ፎቶ አድርገሽ አምጪ ይሉኛል። በኤአይ ሞከርኩት። የሚወጣው ፎቶ ያምራል፣ ግን የኔ ቀሚስ አይደለም፤ ርዝመቱ ይለወጣል፣ ቁልፉ ይጎድላል። ጓደኞቼ ዝም ብለሽ ቆንጆውን መርጠሽ ላኪ ይሉኛል። አባቴ ማሽን የሚሠራውን ሙያ ትተሽ ሂሳብ አያያዝ ተማሪ ይላል። ይህንኑ የሚያስተምር የሦስት ወር ኮርስ አለ፣ ግን ውድ ነው። ተበድሬ ልግባ? ወይስ እጄ ከእንግዲህ አይጠቅመኝም? ስኬቹንና ፎቶውን አያይዣለሁ።»

ጓደኞችሽን በዚህ ነገር አትስሚያቸው። አጥብቄ ነው የምልሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለረጅም ጊዜ ፓተርን ቆራጭ ነበርኩ፤ ዲዛይነሮች የሳሉት ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቆራጭ ሥዕል ሲሰጠው ማማሩን አይደለም የሚያየው። ለባሿ በየት በኩል ትገባበታለች? ይህ ስፌት ከየት ተነስቶ የት ያልቃል? ጫፉ ከጉልበት በታች ስንት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል? እነዚህን ነው የሚፈልገው። ስኬቹ አንድ መልስ ሰጥቶ ፎቶው ሌላ ከሰጠ ከሁለቱ አንዱ ልክ አይደለም፣ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የላክሽልኝን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ስኬቹ ላይ ቀሚሱ ከፊት፣ ከአንገት እስከ ዳሌ፣ በ9 ቁልፍ ይዘጋል። ከብብት አካባቢ ተነስተው በጡት ላይ አልፈው እስከ ታች የሚወርዱ ሁለት ስፌቶች አሉት። ከወገብ በታች እየሰፋ ሄዶ ባት መሀል ላይ ያልቃል። ፎቶው ላይ ቁልፉ 6 ነው፣ አንደኛው ስፌት ወገብ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ጫፉ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ጋ ወርዷል። ከሦስቱ ሁለቱ የመጡት ከፕሮግራሙ አይደለም፣ ከወረቀትሽ ነው።

ከርዝመቱ ልነሳ። የፋሽን ስኬች ላይ የምትሳለው ሴት ቁመቷ የራሷን ጭንቅላት 9 እጥፍ ያህል ነው፤ ያንቺም እንደዛው ናት፣ በማስመሪያ ለክቻታለሁ። በእውነቱ ዓለም ግን አዋቂ ሰው ወደ 7 ከግማሽ ጭንቅላት ነው። ትርፉ በአብዛኛው የተጨመረው እግር ላይ ነው። እንግዲህ ሞዴሏ 165 ሳንቲ ሜትር ትሁን፣ አንድ ጭንቅላት 22 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስኬችሽ ላይ ቀሚሱ ከወገብ በታች 4 ጭንቅላት ይወርዳል፣ ያ ደግሞ በሥዕሏ እግር ላይ ልክ ባት መሀል ነው። በሞዴሏ ላይ ግን 4 ጊዜ 22 ማለት 88 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የእሷ ባት መሀል ያለው ደግሞ ከወገቧ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። 13 ሳንቲ ሜትር ልዩነት መጣ ማለት ነው። ትከሻና ጭንቅላቱን ገጥመሽ ስኬቹን ሞዴሏ ላይ ስታስቀምጪ ጫፉ ቁርጭምጭሚት ጋ የወረደው ለዚህ ነው። ቁመቱን በሙሉ አሳንሼ ልግጠመው ብትይም አይሆንም፤ ያኔ ደግሞ ወገቡ ወደ ላይ ይሸሽና ከጡት ሥር ይገባል።

መፍትሔው ስኬቹን በሞዴሏ አካል ላይ እንደገና መሳል ነው። ቀጥ ብላ የቆመች፣ ሰውነቷ ላይ የተጣበቀ ልብስ የለበሰች፣ እጆቿን ከጎኗ ትንሽ ያራቀች ሞዴል ፎቶ ያዢ (ፎቶውን ለመጠቀም ፈቃድ ይኑርሽ፣ ይሄ የማይታለፍ ነገር ነው)። አትመሽው ስስ ወረቀት ደርቢበት፣ ወይም ስልክሽ ላይ በሚስል ፕሮግራም ሌላ ሽፋን ክፈቺ። የአንገት ጎድጓዳውን፣ የትከሻ ጫፎቹን፣ ብብትን፣ ወገብን፣ ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን በነጥብ ምልክት አድርጊባቸው። ከዛ እያንዳንዱን መስመር ከስኬችሽ ስታሻግሪ በልኬት ሳይሆን በአካል ቦታ አሻግሪ፦ ባት መሀል የነበረው ባት መሀል፣ ከዳሌ አጥንት ሁለት ጣት በላይ የነበረው እዛው። ሥዕሉ ከመጀመሪያው አጠር ያለና ብዙም የማይስብ ሆኖ ይታይሻል። ይታይሽ፤ ልክ የሆነው እሱ ነው።

ወደጠፋው ስፌት ልምጣ። አንቺ ስትስዪ አንዱ መስመር ስፌት ነው፣ ሌላው እጥፋት፣ ሌላው ጥላ፣ ሌላው የልብሱ ጠርዝ። ታውቂያቸዋለሽ። ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም መስመር ብቻ አድርጎ ነው የሚቀበለው፣ ከዛ የትኛው ምን እንደሆነ በራሱ ይገምታል። ስኬችሽን አጉልቼ ሳይ በግራ በኩል ያለው ስፌት ወገብ ጋ ሲደርስ እርሳስሽን አንስተሻል፣ ለአሳሳል ውበት ብለሽ መስመሩን አስለስሰሽ አቋርጠሽዋል። ፎቶው ላይም ስፌቱ የጠፋው እዛው ቦታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሰጠሽውን ነው የታዘዘው። ቀሚሱ ታችኛው ክፍል ላይ በረጅሙ የሳልሻቸው እጥፋቶች ደግሞ ፎቶው ላይ ስፌት መስለው ወጥተዋል።

ስለዚህ ለፎቶ የሚሆነውን ስኬች ለብቻው አዘጋጂ። ጥላውን በሙሉ አጥፊ፣ እጥፋቶቹንም አጥፊ። የሚቀረው የልብሱ ጠርዝ፣ ስፌቶቹና የሚዘጋበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ የስፌት መስመር ሌላ ስፌት ወይም ጠርዝ እስኪነካ ድረስ ይሂድ። ጨርቁ ተቆንጥሮ የሚሰፋበት አጭር መስመር ብቻ ነው መሀል ላይ ሊያልቅ የሚችለው። በስልክ ስታነሺው ከመስኮት ብርሃን አጠገብ፣ ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺ፣ የእጅሽ ጥላ ወረቀቱ ላይ አይረፍ። ያ ጥላ ኋላ ቀሚሱ ላይ እጥፋት ሆኖ ይመጣል።

የቁልፉ ነገር ግን በእርግጥም የፕሮግራሙ ድክመት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ምስሉ 1024 ፒክስል ቁመት አለው እንበል፣ ሞዴሏ ደግሞ 900ውን ትይዛለች። አንድ ሳንቲ ሜትር 5 ከግማሽ ፒክስል አካባቢ ይደርሰዋል፣ አንድ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍም ከ6 ወይም 7 ፒክስል አይበልጥም። በዚህ ስፋት ቁልፉን በትክክል ቆጥሮ መደርደር አይችልም። መጀመሪያ ሙሉውን ምስል አውጪ፣ ከዛ ከአንገት እስከ ዳሌ ያለውን ክፍል ብቻ ቆርጠሽ አጉዪ፣ 9ኙን ቁልፍ በእጅሽ ሳዪበት፣ ያንን ክፍል ለብቻው አሠሪና ቦታው መልሺ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እንደ ኮንትሮልኔት ያሉ መስመር የሚከተሉ ዘዴዎች ላይ የመስመሩን ኃይል የሚወስን ቁጥር አለ። ሲበዛ ጨርቁ እንደ ካርቶን ደርቆ ይቀራል፣ ሲያንስ ፕሮግራሙ የራሱን ይፈጥራል። ከ1 ጀምሪና ስፌቶቹ ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ ጨርቁ ጨርቅ እስኪመስል ድረስ በትንሽ በትንሹ ዝቅ አድርጊው። ሌላው፣ «እዚህ ውስጥ ብቻ ለውጥ» ብለሽ የምትቀቢው ቦታ ነው። የቀባሽውን ቦታ ስላልላክሽልኝ ባላየውም፣ ፎቶሽ ላይ ቀሚሱ ከወገብ በታች እንዳሰብሽው ካልሰፋ፣ የቀባሽው ሞዴሏ የለበሰችውን ጥብቅ ልብስ ብቻ ተከትሎ ስለሆነ ይመስለኛል። ቀሚሱ እስከሚሰፋበት ድረስ ከአካሏ አልፈሽ ወደ ጎን ቅቢ። ፊትና እጆቿን ግን አትንኪ።

ሲወጣልሽ አትመሽ በጣትሽ ተከተዪው። ቁልፉን ቁጠሪ። የሴት ልብስ በልማድ ቀኙ በግራው ላይ ተደርቦ ነው የሚዘጋው፣ ፎቶው ገልብጦት እንደሆነ እዪ። እያንዳንዱን ስፌት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሂጂበት። ይህን ካለፈ ልብሱ ከስኬቹ ጋር ይገጥማል ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ግን ምንም አያረጋግጥም። ፎቶው ጀርባ የለውም። ጨርቁ እንደዛ የሚወድቀው ፕሮግራሙ ብዙ ተመሳሳይ ፎቶ ስላየ እንጂ ክብደቱን ወይም ቅዱን አስልቶ አይደለም። ሞዴሏ እጇን ብታነሳ ብብቱ ይያዛት እንደሆነ አይነግርሽም። ያንን የሚነግርሽ የተሰፋ ናሙና ብቻ ነው።

እጅሽ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ከላይ ያልኩሽን ሁሉ የሚሠራው እጅሽ ነው። የጎደለሽ ስዕል አይደለም፣ ቅድ ነው። ስፌት የት እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው መስመሩን አስለስሶ ያቋርጠዋል።

ተበድረሽ ኮርሱ አትግቢ። የሚያስተምሩሽ የፕሮግራሙን ቁልፎች ነው፣ እነሱ ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጣሉ። በዛው ሦስት ወር ናሙና የሚሰፋበት ክፍል ውስጥ ረዳት ሆነሽ መግቢያ ፈልጊ፣ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም። አባትሽ ማሽን ያልነካው ሙያ ፈልገው ከሆነ ሂሳብ አያያዝ እሱ አይደለም፣ ይሄን በአክብሮት ንገሪያቸው። ስለ ገቢሽ ከሆነ የሚጨነቁት ግን ልክ ናቸው፣ እስከ መቼ ሞክረሽ እንደምትወስኚ ቀን ቆርጠሽ አብራችሁ ተነጋገሩ።

ለማመልከቻው ይህንኑ አንድ ቀሚስ በሦስት ገጽ ላኪ፦ የመጀመሪያው ስኬችሽ፣ ቀጥሎ የልብሱ ጠፍጣፋ ሥዕል ከፊትና ከጀርባ ልኬቱ ተጽፎበት፣ ከዛ ፎቶው። ከፎቶው ሥር «በኤአይ የተሠራ፣ ያልተሰፋ» ብለሽ ጻፊ፣ ያሰብሽውን የጨርቅ ዓይነትና ክብደትም ጨምሪበት። ጠፍጣፋ ሥዕሉን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ከመላክሽ በፊት ስፌቶቹን አየዋለሁ።